የቺለር ሲስተም የተግባር ፍተሻ፦ በደብረ ብርሃን የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቴክኒሻኑ ቺለሩን አስነስቶ ፈርሞ ሄዷል፤ ውሃውም 7 ዲግሪ ላይ ቆሟል። ሌላ ፍተሻ ለምን ያስፈልጋል?»

የአቅራቢው ቴክኒሻን የሚፈርመው አንድ ማሽን፣ ማለትም ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ቺለር፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት መነሳቱን ነው። የጋዙን መጠን፣ የዘይቱን ሁኔታ፣ የኤሌክትሪክ ፌዞቹን ቅደም ተከተልና የማሽኑን የራሱን መከላከያዎች አይቶ ይሄዳል። በርክክብ ጊዜ የሚደረገው የተግባር ፍተሻ ግን ቺለሮቹ፣ ፓምፖቹ፣ ቫልቮቹና መቆጣጠሪያው አንድ ላይ ሆነው በዲዛይኑ የተጻፈላቸውን የአሠራር ቅደም ተከተል መፈጸም አለመፈጸማቸውን ያጣራል። ለዚህም አንድን ሁኔታ ሆን ብለን እንፈጥራለን፤ ከመፍጠራችን በፊት ምን መሆን እንዳለበት በወረቀት እናሰፍራለን፤ ከዚያም የሆነውን ከተጻፈው ጋር እናስተያያለን።

ከዚህ በታች በምሳሌነት የማነሳው እኔ ራሴ የተሳተፍኩበትን፣ በደብረ ብርሃን የአንድ ፋብሪካ ሲስተም ነው። እያንዳንዳቸው 350 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ያላቸው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ያላቸው ሁለት ቺለሮች አሉት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ውሃው በ12 ዲግሪ ገብቶ በ7 ዲግሪ እንዲወጣ የታቀደ ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ፍሰት በሰከንድ 16.7 ሊትር ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ውሃ በጠቅላላ 4 ሜትር ኩብ ነው።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዲጂታል ስለሆነ ትክክል ነው።»

በተጠቀሰው ሲስተም ስክሪኑ ገቢውን ውሃ 9.4፣ ወጪውን 7.0 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ፍሰቱም በሰከንድ 16.2 ሊትር ነበር። ፍሰቱን በውሃ የሙቀት አቅም፣ ማለትም በ4.19፣ እና በሁለቱ ሙቀቶች ልዩነት፣ ማለትም በ2.4፣ ስናባዛ 163 ኪሎዋት ይመጣል። ከዚያ ሁለቱንም ሴንሰሮች ከኪሳቸው አውጥተን፣ በደንብ ከተፈጨ በረዶና ከጥቂት ውሃ በተዘጋጀ ድብልቅ ውስጥ አቆየናቸው። የወጪው ሴንሰር 0.0 ሲያሳይ የገቢው 0.5 ላይ ቆመ። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት 1.9 ዲግሪ፣ እውነተኛው ጭነትም 129 ኪሎዋት ብቻ ነበር። ለብቻው ሲታይ የሚናቀው የግማሽ ዲግሪ ስሕተት፣ የሁለቱ ሙቀቶች ልዩነት ጠባብ ሲሆን ውጤቱን ከሩብ በላይ አሳብጦታል።

በዚህ ከተማ ሴንሰርን በፈላ ውሃ ማረጋገጥ እንደማይቻልም መታወቅ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን በከፍታ ምክንያት ለሥራችን በሚያሳስብ መጠን አይለወጥም፤ በረዶውን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

«የጋዝ ጌጁ ሰንጠረዥ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው።»

ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በደብረ ብርሃን 72 ገደማ ነው፤ በጌጁ ፊት የታተመው የሙቀት ሰንጠረዥ ደግሞ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። አር-134ኤ የተባለው የቺለሩ ጋዝ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ክፍል፣ በኢቫፖሬተር ውስጥ፣ በ3 ዲግሪ ሲተን ፍጹም ግፊቱ 326 ኪሎፓስካል ነው፤ እዚህ ጌጁ 254 ያሳያል። ይህን ንባብ ይዞ ሰንጠረዡን ያየ ሰው ጋዙ በ5.4 ዲግሪ እየተነነ እንደሆነ ያስባል። ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ጋዝ 9 ዲግሪ ከሆነ ትክክለኛው ትርፍ ሙቀት፣ ማለትም ጋዙ ከሚተንበት ሙቀት በላይ ያለው ልዩነት፣ 6 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ 3.6 ብሎ ይመዘግባል። ጤነኛውን የማስፋፊያ ቫልቭ እንደታመመ ቆጥሮ ማስተካከል የሚጀመረው በዚህ መንገድ ነው። መፍትሔው የጌጁን ንባብ ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ደምሮ በፍጹም ግፊት ሰንጠረዥ ማንበብ ነው። ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለችው ሸዋ ሮቢት ስሕተቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ የማስተካከያ ቁጥር አይበቃም ማለት ነው።

«የፍሎው ስዊቹን ሽቦ ነቀልን፤ ቺለሩ ቆመ። ስለዚህ ስዊቹ ተፈትኗል።»

በዚህ የተፈተነው ሽቦው ነው። ፍሎው ስዊች የተቀመጠው በኢቫፖሬተሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ አንሶ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ወደ በረዶ ተለውጦ እንዳይሰነጥቃቸው ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስዊቹ በምን ያህል ፍሰት ይከፈታል የሚለው ነው። ኮምፕረሰሩን አቁመን፣ ፓምፑን ብቻ እያሠራን፣ የቺለሩን መውጫ ቫልቭ ቀስ በቀስ መዝጋትና ስዊቹ በተከፈተበት ቅጽበት ፍሰቱን መመዝገብ ይገባል። በዚያ ሲስተም አምራቹ የፈቀደው ዝቅተኛ ፍሰት በሰከንድ 9 ሊትር ነበር፤ ስዊቹ የተከፈተው በ6 ላይ ነበር። በ9 እና በ6 መካከል ቺለሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ውሃውን ወደ በረዶ ሊለውጥ ይችል ነበር። ስዊቹ ተስተካክሎ በ9.5 ላይ መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ አንድ ጊዜ ተደግሞ ቺለሩ ወዲያው መቆሙ ታየ። ቅደም ተከተሉ መገለበጥ የለበትም፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ የሚሞከረው ስዊቹ የሚከፈትበት ፍሰት ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

«ተጠባባቂው ቺለር አውቶማቲክ ላይ ስለሆነ አንዱ ሲቆም ሌላው ወዲያው ይነሳል።»

በርክክብ ላይ ከሚነገሩት ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሁለተኛውን ቺለር ዋጋ የከፈለው ለዚህች አንዲት ቀን ነው።

መጀመሪያ በሚሠራው ቺለር ላይ የብልሽት ምልክት በሰው ሠራሽ መንገድ ሰጠን፤ ተጠባባቂው ተነሳ። ብዙዎች ፍተሻውን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጥለን የቺለሩን ዋና ብሬከር አጠፋን። 10 ደቂቃ ጠበቅን፤ ተጠባባቂው አልተነሳም፤ ስክሪኑም ምንም ብልሽት አላሳየም። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ የብልሽት ምልክቱ የተገናኘው ብልሽት ሲኖር በሚዘጋ ኮንታክት ሆኖ ተገኘ። የቺለሩ መቆጣጠሪያ ራሱ ኃይል ሲያጣ ግን ኮንታክቱን የሚዘጋለት የለም፤ ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ብልሽት እንደ ሰላም ተቆጠረ። ማስተካከያው ሁለት ነበር፦ ኮንታክቱ በጤና ጊዜ ተዘግቶ በብልሽትም ሆነ በኃይል መቋረጥ እንዲከፈት ተደረገ፤ በተጨማሪም «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶ በ60 ሰከንድ ውስጥ የመሥራት ምላሽ ካልመጣ ቺለሩ እንደተበላሸ እንዲቆጠር ተጻፈ።

ከዚያ ብሬከሩን ድጋሚ አጥፍተን ሰዓት ያዝን። የተጠባባቂው ቫልቭ ተከፍቶ፣ ፓምፑ ተነስቶ፣ ፍሰቱ ተረጋግጦና የቺለሩ የራሱ የመነሻ ቆይታ አልፎ ኮምፕረሰሩ እስኪሠራ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 129 ኪሎዋት ሙቀት 4 ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ውሃው በየደቂቃው 0.46 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከ7 ተነስቶ 9.4 ገደማ ደረሰ። የምርት ክፍሉ የፈቀደው ጣሪያ 10 ዲግሪ ስለነበር ፍተሻው «አለፈ» ሊባል ይችል ነበር።

ነገር ግን ምርቱ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ጭነቱ 350 ኪሎዋት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውሃው በየደቂቃው 1.25 ዲግሪ ይሞቅና ጣሪያውን በ2 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ያልፋል፤ ተጠባባቂው በሚነሳበት ሰዓት ከ13 ዲግሪ በላይ ነው። 310 ሰከንዱን በ3 ዲግሪ ብቻ ለማለፍ በመስመሩ ውስጥ 8.6 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ የጎደለው 4.6 ሜትር ኩብ በማጠራቀሚያ ታንከር ሊሟላ፣ ወይም የመነሻ ቆይታው አምራቹ በሚፈቅደው ልክ ሊያጥር ይገባል። በመዝገቡ ላይ የጻፍነውም «በ129 ኪሎዋት አልፏል፤ በዲዛይን ጭነት አያልፍም» የሚል ነው።

መላው የፋብሪካው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነውም ለብቻው መፈተን አለበት፤ በዚያ ጊዜ የሁለቱም ፓምፖች ድራይቮች በብልሽት ቆመው ሰው እስኪነካቸው ጠብቀዋል።

«እዚህ ብርድ ነው፤ ቺለሩ አይቸገርም። ሙሉ ጭነት ከተፈለገም ውሃውን አሙቀን እንፈትነዋለን።»

የደብረ ብርሃን ብርድ ለኮንደንሰሩ ይጠቅማል፤ የአየሩ መሳሳት ግን ጥቅሙን በከፊል ይወስደዋል። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር መጠን አይለወጥም፤ የዚያ አየር ክብደት ግን ሙቀቱ እኩል በሆነ የባሕር ጠለል አየር ካለው በ29 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአቅም ሰሌዳው በዚህ ከፍታ የተሰላ መሆኑን ከአምራቹ መጠየቅ የፍተሻው የመጀመሪያ ወረቀት ነው።

ውሃን አሙቆ መፈተን ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ምርቱ ቆሞ 4 ሜትር ኩቡ 12 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ፣ አንዱ ቺለር በሙሉ አቅሙ በ4 ደቂቃ 7 ላይ ያደርሰዋል። ንባቦቹ ረግተው አቅም ለመለካት ቢያንስ ሩብ ሰዓት የጸና ጭነት እፈልጋለሁ። እንዲህ ዓይነት ጭነት እስኪገኝ ፍተሻው ይዘገያል፤ የሚደረግበት ጊዜና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ግን በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፋል።

«ቼክሊስቱ ላይ ሁሉም መስመር እሺ ተብሎበታል።»

«ተጠባባቂ ቺለር ይነሳል፦ እሺ» የሚል መስመር ከዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። የብሬከሩን ፍተሻ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

- መነሻ ሁኔታ፦ ቺለር 1 በሥራ ላይ፣ ቺለር 2 በአውቶማቲክ፣ ወጪ ውሃ 7.0፣ ጭነት 129 ኪሎዋት።
- ድርጊት፦ የቺለር 1 ዋና ብሬከር ይጠፋል።
- የሚጠበቀው፦ በ60 ሰከንድ ውስጥ ብልሽት ይመዘገባል፤ ቺለር 2 ይነሳል፤ ወጪ ውሃ ከ10 አይበልጥም።
- የታየው፦ ሰዓቱ፣ ከፍተኛው ሙቀት፣ የስክሪኑ መልእክት እንደተጻፈው።
- መመለሻ፦ ብሬከሩ ተመልሷል፣ በእጅ የተያዘ ትእዛዝ ሁሉ ተለቋል፣ የተለወጡ ሴቲንጎች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። ለፍተሻ ሲባል በእጅ የተከፈተ ቫልቭ በስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ስለሚታይ ማንም ጉድለት አያይበትም፤ በማግሥቱ ግን ውሃው በቆመው ቺለር ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ያልፍና ከቀዝቃዛው ጋር ይደባለቃል፤ ወደ ምርት ክፍሉ የሚሄደውም ውሃ 7 ዲግሪ መድረሱን ይተዋል። ይህን መስመር የሚፈርመው ፍተሻውን ያካሄደው ሰው ሳይሆን ሲስተሙን የሚረከበው ኦፕሬተር እንዲሆን የማደርገው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ቫልቭና ማብሪያ ሄዶ በዓይኑ ካየ በኋላ።