የአለት ቅንጣት መጠን ምንድን ነው? ባዛልት ለምን ደቀቀ፣ ጋብሮ ለምን ሻከረ?

ደሴ ላይ ቤት ያሠራ ሰው ጥቁር ድንጋይን ያውቀዋል። ከካባ በመኪና መጥቶ መሠረት ውስጥ የሚገባው፣ አጥር ሆኖ የሚደረደረው ድንጋይ ነው። የሳይንስ ስሙ ባዛልት ይባላል። የጦሳ ተራራም ሆነ በዙሪያው ያሉት ተራሮች በአብዛኛው የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ ከተደራረበ ላቫ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መንገዱ ተራራውን የቆረጠበት ቦታ ላይ ይህን አለት ታዩታላችሁ።

አዲስ የተፈለጠ ባዛልት ብታነሱ ፊቱ ወጥ ጥቁር ነው፤ ቅንጣቱን በዓይን መለየት ይከብዳል። ጋብሮ የሚባለው አለት ግን ነጣ ያለውና ጥቁሩ ማዕድን ጎን ለጎን ተሰክቶበት በግልጽ ይታያል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ የማዕድን ክሪስታል ነው፤ ብዙ ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ፈጭታችሁ ላቦራቶሪ ብትልኩ ግን ውጤቱ ሊመሳሰል ይችላል። ከሁለቱም ግማሽ ያህሉ ሲሊካ የሚባለው የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው፤ ዋና ማዕድኖቻቸውም ፕላጂዮክሌዝ ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን ናቸው። የተለያዩት ቅልጡ፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ በቀዘቀዘበት ፍጥነት ነው።

ብዙ ጊዜ “ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ለማደግ ጊዜ ያገኛል” ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የዘር ጉዳይ ነው። ክሪስታል ከመሬት ተነስቶ አያድግም፤ መጀመሪያ ጥቂት አተሞች ተገጣጥመው ዘር መሆን አለባቸው። ይህች ዘር በጣም ትንሽ ስትሆን መልሳ ትሟሟለች። ቅልጡ ከመርጊያው ሙቀት ትንሽ ብቻ ዝቅ ካለ ተርፈው የሚዘልቁት ዘሮች ጥቂት ናቸው። አተሞቹ ግን በሞቀው ቅልጥ ውስጥ እንደልብ ስለሚንቀሳቀሱ ወደነዚያ ጥቂቶች እየሄዱ ይለጠፋሉ። ስለዚህ ጥቂትና ትልልቅ ክሪስታል ይወጣል።

ሙቀቱ በአንዴ ከወረደ ነገሩ ይገለበጣል። ዘር በየቦታው ይፈላል፤ ቅልጡ ደግሞ እየወፈረ ሲሄድ አተሞቹ ርቀው መሄድ ያቅታቸዋል። አንድ ሊጥ ለሁለት ሲከፈል ሁለት ትልልቅ ድፎ ይወጣዋል፤ ለመቶ ሲከፈል ግን የሚደርሰው ጉርሻ ነው። ባዛልት ያ ጉርሻው ነው። ከዚያም በላይ ከፈጠነ ዘር እንኳ ሳይፈጠር ቅልጡ እንዳለ ይረጋና መስታወት ይሆናል።

የቅዝቀዜውን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ቅልጡ የያዘው ቦታ ውፍረት ነው። ድንጋይ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። በድንጋይ ውስጥ ሙቀት አንድ ሜትር ለመጓዝ በግምት 12 ቀን ይፈልጋል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለአሥር ሜትር 3 ዓመት ያህል፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ 30 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ላቫ ከላይ አየር፣ ከታች ቀዝቃዛ መሬት ያገኘዋል። ጋብሮ ግን ጥልቅ ውስጥ፣ ራሱ በሞቀ አለት ተከብቦ ነው የሚረጋው።

ይህን ሁሉ በአንድ ድንጋይ ላይ ማየት ይቻላል። ቅልጥ በስንጥቅ ውስጥ ሽቅብ ገብቶ ሲረጋ እንደ ግድግዳ የቆመ አለት ይሆናል፤ ዳይክ ይባላል። ሁለት ሜትር የሚወፍር ዳይክ ብታገኙ መጀመሪያ ጠርዙን እዩት። ቀዝቃዛውን አለት የነካው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥቁርና ልስልስ ነው። ወደ መሃሉ ስትጠጉ ቅንጣቱ እያደገ ይሄዳል፤ ማጉያ መነጽር ካላችሁ ቀጫጭን የፌልድስፓር ዘንጎች ታያላችሁ። ያው አንድ ቅልጥ ነው፤ ጠርዙ ግን በደቂቃዎች ሲረጋ መሃሉ ቀናት ፈጅቷል።

ደንቡ ግን የሚያሳስትበት ቦታ አለ። በደቃቅ ጥቁር ድንጋይ መሃል የጥፍር ያህል ፌልድስፓር ተሰክቶ ብታዩ አለቱ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ትልልቆቹ ከመሬት በታች ቀስ ብለው አደጉ፤ ከዚያ ቅልጡ ይዟቸው ወጣና ቀሪው በፍጥነት ረጋ። ውሃም ያሳስታል። ብዙ ውሃ ያለበት ቅልጥ ውስጥ አተሞች መንቀሳቀስ ስለሚቀላቸው፣ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሳይፈጅ እንኳ ግዙፍ ክሪስታል ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚሳሳተው በነጫጭ ነጠብጣቦች ነው። ላቫ ውስጥ የነበረ ጋዝ ትቶት የሄደው ቀዳዳ፣ አለቱ ከረጋ በኋላ ውሃ ባመጣው ነጭ ማዕድን ይሞላል። ያ ስለ ቅዝቀዜው ፍጥነት ምንም አይነግራችሁም። ለመለየት ቅርጹን ተመልከቱ፤ የቀዳዳ ሙሌት ክብ ወይም ሞላላ ነው። ፌልድስፓር ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ስታገላብጡት ጠፍጣፋ ፊቱ በአንዴ ብልጭ ይላል።