መሪ ዜሮ ምንድን ነው? በአማርኛ የተሰየሙ የስካን ፋይሎችን በቅደም ተከተል ማቆየት

መሪ ዜሮ በቁጥር ፊት እየተጨመረ የሁሉንም ፋይሎች ቁጥር እኩል አኃዝ እንዲኖረው የሚያደርግ ዜሮ ሲሆን፣ 7ን 0007፣ 200ን ደግሞ 0200 ብሎ መጻፍ ማለት ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ገጾቹ በግዕዝ ቁጥር የተቆጠሩ አሮጌ መዝገብ ስካን ሲደረግ ነው።

240 ገጽ ያለው የእድር መዝገብ እንውሰድ። እያንዳንዱ ፋይል በገጹ ላይ በተጻፈው የግዕዝ ቁጥር ብቻ ቢሰየም፣ የፊደሉን ኮድ ተከትሎ የሚደረድር ፕሮግራም ከ፩ እስከ ፻፺፱ ድረስ ያለ ስሕተት ያሰልፋቸዋል፤ ምክንያቱም አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ እስከ መቶ የሚደርሰው ቁጥር ለየራሱ ምልክት ስላለውና ኮዶቹም በመጠናቸው ቅደም ተከተል ስለተቀመጡ ነው። ሁለት መቶ ግን የሚጻፈው ፪ን ከ፻ በማስቀደም ነው። ስለዚህ ከ፪፻ እስከ ፪፻፵ ያሉት 41 ገጾች በ፪ እና በ፫ መካከል ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ብቻ ሰይሞ ድርደራውን በማየት «ተስተካክሏል» ያለ ሰው ይህን ስሕተት የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለውም ጉድለቱን በራሱ በግዕዝ ቁጥር መሙላት አይቻልም።

መፍትሔው በመሪ ዜሮ የተሞላውን ቁጥር ለድርደራው ማስቀደምና የግዕዙን ቁጥር ከኋላ ለአንባቢ ማቆየት ነው፤ ለምሳሌ `0200_ገጽ_፪፻.jpg`። ስካነሩ የሰጣቸው ስሞች ገጾቹ በተነሡበት ቅደም ተከተል የሚደረደሩ ከሆነ፣ በሊኑክስ ወይም በማክ ተርሚናል መሠረታዊውን ስም እንዲህ መስጠት ይቻላል፦

```
n=1
for f in IMG_*.jpg; do
  mv -n "$f" "$(printf '%04d_መዝገብ.jpg' "$n")"
  n=$((n+1))
done
```

`-n` በተመሳሳይ ስም ያለ ፋይል እንዳይጠፋ ይከላከላል፤ ቢሆንም ይህ ሥራ በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ መጀመር የለበትም። ከዚያ 50ኛውን፣ 100ኛውን፣ 200ኛውንና የመጨረሻውን ፋይል ከፍቶ የፋይሉን ቁጥር በገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይገባል። ሁለቱ በአንድ ከተለያዩ፣ ከዚያ በፊት ያልተነሣ ወይም ሁለት ጊዜ የተነሣ ገጽ አለ ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ። የወር ስም በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ጸሐፊ «ኅዳር»፣ ሌላው «ህዳር» ብሎ ይጽፋል፤ ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ፊደላት ለኮምፒውተር የተለያዩ ስለሆኑ፣ «ህዳር» ከሁሉም ወሮች ፊት ሲሄድ «ኅዳር» ከ«ታኅሣሥ» በኋላ ይሰለፋል። አጻጻፉ አንድ ቢደረግ እንኳ በፊደል ተራ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ስለዚህ ዓመቱንና ወሩን በቁጥር ማስቀደም ይሻላል፤ ኅዳር 1987 `1987-03_ኅዳር`፣ ጳጉሜንም `1987-13_ጳጉሜን` ይሆናል።