የውድድር ዘመን ሪፖርት ምንድን ነው?

ውድድሩ ሲያልቅ የክለቡ ኮሚቴ ይሰበሰባል። አሰልጣኙ ወይም የቴክኒክ ኃላፊው ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ያ ወረቀት የውድድር ዘመን ሪፖርት ይባላል። ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ቡድኑ ያመጣውን ውጤት፣ የተጫዋቾቹን የልምምድ መገኘትና እድገታቸውን። መጨረሻ ላይ ምክረ ሐሳብ ይከተላል።

ብዙ ጊዜ ግን የሚቀርበው የጨዋታ ታሪክ ነው። በአምስተኛው ሳምንት እንዲህ ሆነ፣ በስድስተኛው ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ከለከለን፣ በሰባተኛው ዝናብ ነበር። ኮሚቴው ይሰማል፣ ደስ ካለው ያጨበጭባል፣ ከከፋው ይቆጣል፣ ከዚያ ይበተናል። ምንም አልተወሰነም። ሪፖርቱ ሥራውን ሠራ የሚባለው ኮሚቴው እጁን አውጥቶ የሚወስንበትን ነገር ሲያቀርብለት ነው። እዚያ ለመድረስ ሦስቱ ክፍሎች ተነጣጥለው መቀመጥ የለባቸውም። አንዱ ሌላውን ማስረዳት አለበት።

ይህንን በአንድ የታሰበ ቡድን ላይ እንየው። ከ17 ዓመት በታች የሆነ የእግር ኳስ ቡድን ነው። 24 ተጫዋቾች አሉት። የሚጫወተው 12 ቡድኖች ባሉበት ሊግ ነው፤ እያንዳንዱን ተጋጣሚ ሁለቴ ያገኛል፣ ስለዚህ ጨዋታው 22 ነው። አንዱ ጨዋታ 80 ደቂቃ ይፈጃል።

ቡድኑ 9 አሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ፣ 8 ተሸነፈ። 32 ነጥብ ማለት ነው። መካከለኛ ውጤት ይመስላል። ኮሚቴው ይህን ብቻ ቢያይ "ደህና ነው፣ ለሚቀጥለው እናሻሽላለን" ብሎ ያልፋል። በዙር ከፍለን ስናየው ግን ሌላ መልክ ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር 11 ጨዋታዎች 7 አሸንፎ፣ 2 አቻ ወጥቶ፣ 2 ተሸንፎ 23 ነጥብ ሰበሰበ። በሁለተኛው ዙር 2 አሸነፈ፣ 3 አቻ፣ 6 ሽንፈት፣ 9 ነጥብ ብቻ።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው "ሁለተኛው ዙር ከብዶ ነው" የሚል ምክንያት ነው። በዚህ ዓይነት ሊግ ይህ አያስኬድም። ተጋጣሚዎቹ እነዚያው 11 ቡድኖች ናቸው። የተቀያየረው በሜዳና ከሜዳ ውጪ መሆኑ ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ዙር 6 በሜዳው፣ በሁለተኛው 5 በሜዳው ነው። የአንድ ጨዋታ ልዩነት 14 ነጥብ አያሳጣም። የሊጉ አወቃቀር እንዲህ ካልሆነ ግን፣ ማለትም ቡድኑ ሁሉንም እኩል ካልገጠመ፣ ይህን ማነጻጸሪያ መጠቀም አይቻልም። ያኔ የተጋጣሚዎቹን ደረጃ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጎሎቹ መቼ እንደገቡ እንይ። በመጀመሪያው ዙር ቡድኑ ላይ 9 ጎል ተቆጠረ። ከነዚህ በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች የገቡት 2 ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ዙር 21 ጎል ተቆጠረበት፤ 12ቱ በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ነው። ቡድኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ራሱን ችሎ ይጫወታል፣ ከዚያ በኋላ ይፈርሳል። ድካም አለ፣ ተቀይሮ የሚገባው ልጅም የሚሸከመው አይደለም። ውጤቱ ብቻውን ከዚህ በላይ አይነግረንም። ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ወደ መገኘት እንሂድ። በትልልቅ ክለቦች ይህ ክፍል የስታዲየም ተመልካች ቁጥር ሊሆን ይችላል። በታዳጊና በአማተር ክለብ ግን ዋናው የልምምድ አቴንዳንስ ነው። የቡድናችን አማካይ በመጀመሪያው ዙር 84 በመቶ ነበር፤ በሁለተኛው ወደ 61 ወረደ። ከ24 ልጆች በአማካይ የሚመጡት 14 ወይም 15 ሆኑ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር 11 ለ 11 ተከፍሎ ልምምድ መሥራት አይቻልም። አሰልጣኙ የቦታ አያያዝን በሙሉ ሜዳ ማሠራት አቆመ፤ በጠባብ ሜዳ ብቻ ይሠራል።

ግን ለምን ቀሩ? አማካዩ ይህን ይደብቃል። ስለዚህ ቡድኑን ለሁለት እንክፈለው፤ ብዙ የሚሰለፉት 11 እና የቀሩት 13። ቋሚ ተሰላፊዎቹ በመጀመሪያው ዙር 86 በመቶ ተገኝተዋል፣ በሁለተኛው 83። እምብዛም አልተለወጡም። ተጠባባቂዎቹ ግን ከ82 ወደ 42 በመቶ ወርደዋል። የወረደው ቡድኑ ሳይሆን ተጠባባቂው ነው።

ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው "የፈተና ወቅት ስለሆነ ነው" የሚለውን መልስ ለመመዘን ነው። ፈተና ቢሆን ኖሮ ቋሚ ተሰላፊዎቹንም ይነካ ነበር። እነሱም ተማሪዎች ናቸው። መንገድ ወይም ትራንስፖርት ቢሆንም እንዲሁ። አንዱን ወገን ብቻ የሚነካ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ቁጥሩ እንዲታመን ግን መዝገቡ በትክክል መያዝ አለበት። ተጎድቶ አንድ ወር የተኛን ልጅ እንደ ቀሪ ከቆጠርነው ሰነፍ እናስመስለዋለን። ፈቃድ ጠይቆ የቀረና ዝም ብሎ የጠፋም አንድ አይደሉም። የስም መቆጣጠሪያው አራት ምልክት ይበቃዋል፦ መጣ፣ ተጎድቷል፣ አሳውቆ ቀረ፣ ሳያሳውቅ ቀረ። መቶኛው ሲሰላ የተጎዳባቸው ቀናት ከስሌቱ ይወጣሉ። ይህ ሥራ በየልምምዱ ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ መዝገብ ያስታውቃል፤ አንድም ቀን የተለየ ነገር አይታይበትም።

አሁን ሦስተኛው ክፍል መልሱን ያመጣል። የተጫዋች እድገት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የፍጥነትና የትንፋሽ ፈተናን ነው። እነሱ ይጠቅማሉ፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። 30 ሜትር ሩጫን በእጅ ሰዓት የሚለካ ሰው ሲያስነሳም ሲያስቆምም ትንሽ ይዘገያል ወይም ይቀድማል። ስለዚህ አንድ ልጅ በዓመቱ 0.1 ሰከንድ አሻሻለ ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ ከለካው ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ሜዳው፣ ጫማውና የቀኑ ሰዓትም በሁለቱም ልኬቶች አንድ መሆን አለባቸው። ሌላው ደግሞ ቁመት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ምንም ባይሠለጥንም አካሉ ስላደገ ብቻ ይፈጥናል። ቁመቱ አብሮ ካልተመዘገበ አሰልጣኙ የተፈጥሮን ሥራ ለራሱ ይቆጥራል።

ከፈተናው ይልቅ እኔ መጀመሪያ የማየው የጨዋታ ደቂቃ ነው። ለመቁጠር ቀላል ነው፤ ለመከራከርም አይመችም። በመጀመሪያው ዙር ለቡድኑ የነበረው ጠቅላላ ደቂቃ 11 ተጫዋች ሲባዛ በ80 ደቂቃ፣ ሲባዛ በ11 ጨዋታ ነው፤ 9,680 ይሆናል። ከዚህ 85 በመቶውን 11ዱ ቋሚዎች ተጫወቱት። ለቀሩት 13 ልጆች 1,452 ደቂቃ ተረፈ። ለአንድ ልጅ ወደ 112 ደቂቃ ይደርሰዋል። በ11 ጨዋታ ውስጥ አንድ ጨዋታ ተኩል እንኳ አይሞላም።

በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ እየመጣ፣ በግማሽ ዓመት አንድ ጨዋታ ተኩል ያልሞላ ልጅ በሁለተኛው ዙር ቢቀር አይገርምም። ክሩ እዚህ ጋ ይያያዛል። ደቂቃው በጥቂቶች ላይ ተከማቸ። ተጠባባቂዎቹ ተስፋ ቆርጠው ልምምድ አቆሙ። ልምምዱ ሳሳ። ቋሚዎቹ ያለ እረፍት ተጫወቱ፣ ደከሙ። ሲደክሙ ተቀይሮ የሚገባው ልጅ ከልምምድ የራቀ ነው። ጎሎቹም በመጨረሻው 20 ደቂቃ ገቡ።

ሐቀኛ ሪፖርት እዚህ ላይ ገደቡንም ይጽፋል። ቁጥሮቹ አብረው መሄዳቸውን ያሳያሉ፤ ልጆቹ ለምን እንደቀሩ ግን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከ13ቱ ጋር፣ ለታዳጊ ደግሞ ከወላጅ ጋር፣ አጭር ንግግር አድርጎ የተባለውን በሁለት መስመር ማስፈር ያስፈልጋል። ንግግሩን አሰልጣኙ ራሱ ባያደርገው ይሻላል። ልጁ ለሚያሰልፈው ሰው "አላሰለፍከኝም" ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም። በሪፖርቱ ላይም ስም አይጻፍም፤ በቁጥር ይጠቀሳሉ፣ የስም ዝርዝሩ በቴክኒክ ኃላፊው እጅ ይቆያል።

ምክረ ሐሳቡ ከዚህ ሰንሰለት መውጣት አለበት። "የተጫዋቾች ተነሳሽነት ይጠናከር" የሚል መስመር ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አይሠራውም። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ ከ70 በመቶ በላይ ልምምድ የተገኘ ማንኛውም ተጫዋች በዓመቱ ቢያንስ ሩቡን የጨዋታ ደቂቃ ያግኝ።

ኮሚቴው ወዲያው "ይቻላል ወይ?" ይላል። መልሱ ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። የዓመቱ ጨዋታ ለአንድ ተጫዋች 1,760 ደቂቃ ነው፤ ሩቡ 440። ለ13 ተጠባባቂዎች 5,720 ደቂቃ ይሄዳል። ከጠቅላላው 19,360 ላይ ሲቀነስ 13,640 ይቀራል። ለ11ዱ ቋሚዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,240 ይደርሳል፤ ከዓመቱ 70 በመቶ ነው። ቋሚው ቋሚነቱን አላጣም፣ ተጠባባቂውም የሚመጣበት ምክንያት አገኘ። ዋጋም አለው፤ በአንዳንድ ጨዋታ ምርጡ አሰላለፍ አይገባም፣ ምናልባት በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ነጥብ ይጎድላል። ይህ ካልተጻፈ ኮሚቴው ውሳኔውን አጽድቆ በሦስተኛው ሽንፈት አሰልጣኙን ይወቅሳል።

ኮሚቴው ይህን ዋጋ መክፈል ካልፈለገ አማራጭ ሊቀርብለት ይገባል። የቡድኑን ቁጥር ከ24 ወደ 20 ማውረድ አንዱ ነው። ያኔ ደቂቃውን የሚካፈሉት ያንሳሉ። ግን ጉዳት ሲበዛ ቡድኑ ይሳሳል፣ አራት ልጆችም ክለብ ያጣሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኮሚቴው የሚመርጠው ነገር ያገኛል።

ከእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ሥር ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ማን ይሠራዋል፣ መቼ ይታያል፣ ምን ሲሆን ሠርቷል እንላለን። በእኛ ምሳሌ አሰልጣኙ በየጨዋታው ደቂቃ ይመዘግባል፣ ጸሐፊው በየወሩ ይደምራል፣ ኮሚቴው ከስምንተኛው ጨዋታ በኋላ ያየዋል። የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ መጠበቅ አይገባም፤ ያኔ ልጆቹ መቅረት ጀምረዋል። የተጠባባቂዎቹ መገኘት ከ75 በመቶ በታች ካልወረደ እርምጃው ሠርቷል። ደቂቃውን አግኝተውም ከቀሩ ግን ምክንያቱን ተሳስተናል ማለት ነው፤ ከልጆቹ ጋር የተደረገው ንግግር እንደገና ይነበባል።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ደግሞ በዚያ ቃለ ጉባኤ ይጀምራል፦ ምን ተወሰነ፣ ምኑ ተሠራ፣ ምኑ ቀረ፣ ለምን።