እህቴን አስመረቅኋት ወይስ እህቴ ተመረቀች?

«ከልቤ እስከጻፍኩት ድረስ ጽሑፉ ስለ እሷ መሆኑ አይቀርም።»

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። ታናሽ እህቴ በፋርማሲ በተመረቀች ቀን ከፎቶዋ ሥር ይህን ጻፍኩ፦ «ከልጅነቷ ጀምሮ አስተምሬ፣ ከራሴ ቀንሼ፣ ብዙ ዋጋ ከፍዬ እህቴን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻታለሁ። ድካሜን የቆጠረልኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ። እንኳን ደስ አለን!» ስጽፈው እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ውሸትም አልነበረበትም። እሷ ግን አንብባው ስልኩን ሳትናገር መለሰችልኝ። ከሥሩ የተጻፉትን አስተያየቶች ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። አብዛኞቹ «አንተ ጀግና ነህ» የሚሉ ነበሩ።

ስህተቱ ያለው ከግሶቹ ላይ ነው። የአማርኛ ግስ አድራጊውን በራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ «እኔ» የሚል ቃል ባይኖርም ማን እንዳደረገው ይታወቃል። አስተምሬ፣ ቀንሼ፣ ከፍዬ፣ አብቅቻታለሁ፣ አመሰግነዋለሁ፦ አምስቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ድካሜን የቆጠረልኝ ደግሞ አምላክ ነው። አምስት ዓመት የተማረችው እህቴ አንድም ነገር አላደረገችም፤ «እህቴን» ላይ ባለችው «ን» እና «አብቅቻታለሁ» ውስጥ ባለችው «ት» ብቻ ተደራጊ ሆና ቀርታለች። «አስመረቅኋት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ምርቃቱን ከእሷ ወስዶ ለጸሐፊው ይሰጠዋል።

አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «እህቴ ዛሬ በፋርማሲ ተመረቀች። አምስት ዓመት ተማረች፤ የመውጫ ፈተናውንም አለፈች። በሆስፒታል ስትለማመድ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕሙማን በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ፀሐይና ጨረቃ እየሣለች የጠዋቱንና የማታውን ትለይላቸው ነበር። እንኳን ደስ አለሽ፤ ኮራሁብሽ።»

አሁን ከመጨረሻው ቃል በቀር ሥራው ሁሉ የእሷ ነው። የፀሐይና የጨረቃውን ነገር ያነበበ ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ እንደምትሆን ያውቃል፤ «ጎበዟ እህቴ» የሚለው ግን ለማንም እህት ይሆናል። ረጅም ጽሑፍ ሲለጠፍ መጀመሪያ ላይ የሚታየው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለእሷ ሰጠሁት። የሰው አስተያየትም ወዲያው ተቀየረ፤ ስለ ፖስታዎቹ ይጠይቋት ጀመር።

«ኮራሁብሽም ቢሆን ስለ ራስ ማውራት ነው፤ መጻፍ የለበትም።»

ይህ ማጥበቅ ነው። የሚኮራው እኔ ስለሆንኩ ቃሉ ወደ እኔ ማድላቱ አልቀረም፤ ግን የታላቅ ቃል ታናሽን ያስደስታል። አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ከመጣ የእሷ ሥራ የእኔ ስሜት ማስረጃ ይሆናል።

«የከፈልኩላትን ካልጠቀስኩ ውለታዬ ይረሳል።»

አይረሳም፤ የከፈሉላትን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በአደባባይ ሲጻፍ ግን እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ሰው ሁሉ እግረ መንገዱን ውለታ እንዳለባት ያነባል፤ እሷም በደስታዋ ቀን «ያለ እሱ የት እደርስ ነበር» ብላ መመለስ ግድ ይሆንባታል። በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ቃል ብታመሰግን ነው ምስጋናው ምስጋና የሚሆነው። እርግጥ ወላጅ የሌላቸውና ታላቃቸው ያሳደጋቸው አሉ፤ እንዲህ ያለችዋ እህት ራሷ «አሳዳጊዬ መሆንህን ጻፍልኝ» ካለች አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ጥያቄው ግን ከእሷ ይምጣ።

«ወድቃ መነሣቷ ከተነገረ ታሪኩ የበለጠ ያምራል።»

ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ታሪኩ የእሷ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ከተጀመረ ወዲህ ያላለፈ ተማሪ በሌላ ዙር እንደገና ይፈተናል። «በሁለተኛው ዙር አለፈች» ብለን የምንጽፈው ጽናቷን ለማሳየት ነው፤ ነገ የምትቀጠርበት ቦታ ያለ ሰው የሚያነበው ግን መጀመሪያ መውደቋን ነው። ውጤት፣ ሕመም፣ የተቋረጠ ዓመት፣ የቤት ችግር፦ እነዚህን ከመለጠፌ በፊት አስነብባታለሁ። እህቴ ከሁለተኛው ጽሑፌ ላይ ውጤቷን አሰረዘችኝ። ከፍተኛ ውጤት ነበር፤ ሆኖም ያላለፈች የዶርም ጓደኛዋ እንደምታነበው አስባለች። እኔ ይህን ከየት አውቀው ነበር?

«ጽሑፉ ከተስተካከለ ፎቶው የትኛውም ቢሆን ግድ የለም።»

በየምርቃቱ ጋዋኗንና ቆቧን ቤተሰቡ በየተራ ለብሶ ይነሣል፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። እኔም ለብሼ ተነሥቻለሁ። ያን ፎቶ ግን መጀመሪያ ላይ አላደርገውም፤ ማን እንደተመረቀ ግራ ያጋባል። መጀመሪያ የለጠፍኩት ብቻዋን የቆመችበትን ነው። እኔ ጋዋኑን የለበስኩበት በእናታችን ስልክ ውስጥ አለ።