ሞተር የተቀየረለት፣ ቸርኬ የተለወጠለት መኪና እና ኢንሹራንሱ

ኢንሹራንስ ድርጅት ዋስትና የሚሰጠው በሊብሬውና በማመልከቻው ላይ ለተገለጸው መኪና ነው። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የነዳጁ ዓይነት፣ የተገመተው ዋጋ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ለዋስትናው የሚከፈለው አረቦንም የተሰላው በዚሁ ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ገብቶ ከእነዚህ አንዱን ሲያስቀይር መንገድ ላይ ያለው መኪናና ወረቀቱ ላይ ያለው መኪና ይለያያሉ።

በእኛ አገር ብዙ ጣጣ የሚያመጣው የሞተር ቅየራ ነው። 1.0 ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ሞተሯ ነክሶ 1.5 ሊትር ይገባላታል እንበል። ጉልበቷ ይጨምራል። ፍሬኗና ሰስፔንሽኗ ግን ለትንሹ ሞተር የተሠሩት ናቸው። ለኢንሹራንሱ ይህ የአደጋ ስጋት መጨመር ነው። ሌላው ችግር የሞተር ቁጥሩ ነው። አደጋ ሲደርስ ገማቹ የመኪናውን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ካልገጠሙ የካሳ ጥያቄው ይቆማል፤ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ሞተር ቢገባም የግዢውን ሰነድ ይዞ ሊብሬውን ማስተካከል ግድ ነው። ቤንዚን የነበረ መኪና ናፍጣ ሲሆንም እንደዚያው።

ሳያሳውቁ ቢቀሩ ምን ይመጣል? የንግድ ሕጋችን የኢንሹራንስ ክፍል አሁንም የ1952ቱ ነው። ሁለት ነገር ይለያል። ባለቤቱ ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ሆን ብሎ ካልሆነና እውነቱ የታወቀው ከአደጋው በኋላ ከሆነ ግን ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። የሚቀነሰው በተከፈለውና መከፈል በነበረበት አረቦን መካከል ባለው ልዩነት ነው። የቪትዟ ባለቤት በዓመት 20 ሺህ ብር ከፍሏል፤ አዲሱ ሞተር ቢታወቅ ግን 25 ሺህ ይጠየቅ ነበር እንበል። የከፈለው መክፈል ከነበረበት 80 በመቶ ነው። ጥገናው 300 ሺህ ብር ቢፈጅ፣ ራሱ የሚሸፍነው መነሻ ከመቀነሱ በፊት 240 ሺህ ያገኛል። 5 ሺህ ብር ያልተከፈለበት ነገር 60 ሺህ አስወጣ ማለት ነው።

ቸርኬ ላይ ያለው ጥያቄ በአብዛኛው የዋጋ ነው። የመኪናው ዋጋ ሲገመት አዲሱ ቸርኬ ካልተቆጠረ፣ ሲሰበር የሚከፈለው በፋብሪካው ዕቃ ልክ ሊሆን ይችላል። ስርቆትም ሌላ ራስ ምታት ነው። ብዙ ውሎች መኪናው በሙሉ ሲሰረቅ እንጂ ዕቃው ብቻ ተፈትቶ ሲወሰድ አይከፍሉም። ለዚህ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል። ጎማ በጉድጓድ ፈንድቶ ሌላ ጉዳት ካልደረሰም ብዙውን ጊዜ ሽፋን የለውም፤ ስስ ጎማ ያለው ትልቅ ቸርኬ ደግሞ ጉድጓድ አይችልም።

ልኩም ይታያል። 195/65R15 የነበረ ጎማ በ225/45R17 ቢተካ ጠቅላላ ቁመቱ ያው ወደ 634 ሚሊሜትር ነው፤ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም። ከዚህ ብዙ ከፍ ካለ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል፤ መሪ ሲዞርም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ገማቹ አደጋው ከዚህ ጋር መያያዙን ማየቱ አይቀርም።

በጋዝ እንዲሠራ የተደረገ መኪና ላይ ዋናው ነገር ማን ገጠመው የሚለው ነው። በአውሮፓ የሚሸጡ ኤል ፒ ጂ የሚባለው ፈሳሽ ጋዝ መግጠሚያ ዕቃዎች R67 የተባለውን የደህንነት ደንብ የሚያሟሉ መሆን አለባቸው። ታንኩ ሲሞላ 80 በመቶ ላይ ራሱ ያቆማል፤ ፈሳሹ በሙቀት ሲስፋፋ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኢንሹራንሱም የገጣሚውን የምስክር ወረቀትና የታንኩን ምርመራ ሊጠይቅ ይገባል። በሠለጠነ ባለሙያ የተገጠመ ጋዝ አረቦኑን ላያንረው ይችላል። ሰፈር ጋራዥ ያለ ወረቀት የተገጠመ ግን እሳት ከተነሳ ለመከራከር መነሻ የለውም። የምግብ ማብሰያ ሲሊንደር ኮፈን ውስጥ ማሰርን ማንም ኢንሹራንስ አይቀበልም፤ መቀበልም የለበትም።

ማሳወቅ የሚባለው በስልክ መናገር አይደለም። ደብዳቤ ጽፎ፣ ደረሰኙንና ፎቶውን አያይዞ፣ ቅጂው ላይ ማህተም ማስመታት ነው። ድርጅቱ ልዩነቱን አስከፍሎ የውል ማሻሻያ ይሰጣል። ማሻሻያው የሚጸናበት ቀን ተጽፎበታል፤ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋ የሚታየው በአሮጌው ውል ነው።