ስለ 7፣ 11 እና 13 የማካፈል ደንቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ ከማስጠናቸው ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

«ለ7 ደንብ የለውም፣ ቁጭ ብሎ ማካፈል ነው።»

አለው እንጂ! የመጨረሻውን አሃዝ አውጡና እጥፉን ከቀረው ላይ ቀንሱ። 2653ን እንሞክር። 3ን ስናወጣ 265 ይቀራል፣ የ3 እጥፍ 6 ነው፣ 265 ሲቀነስ 6 ይሆናል 259። አሁንም ትልቅ ነው ካላችሁ ድገሙት፦ 25 ሲቀነስ 18፣ 7። በቃ፣ 2653 በ7 ያለቀሪ ይካፈላል።

ምክንያቱን ለማየት የቀነስነውን በትክክል እንቁጠር። ከአንድ ቤት 3 አወጣን፣ ከአስር ቤት ደግሞ 6 ማለትም 60 ቀነስን። በድምሩ 63፣ ይኸውም 3 ጊዜ 21 ነው። 21 የ7 ብዜት ስለሆነ መቀነሱ በ7 መካፈሉን አይነካውም። የቀረው 2590 ነው፤ ዜሮውን ጥለን 259 ብንል ደግሞ 10 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው (ከ1 በቀር) መልሱ አይለወጥም።

«እሺ፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ቁጥር በ7 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪው ነዋ።»

አይደለም፣ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 100ን ውሰዱ፦ 10 ሲቀነስ 0፣ 10፤ የ10 ቀሪ 3 ነው። የ100 ግን 2 ነው። ዜሮውን ስንጥል ለ10 ስላካፈልን ቀሪው ተቀየረ። ደንቡ የሚነግረን ይካፈላል ወይስ አይካፈልም የሚለውን ብቻ ነው።

«በ11 ለመካፈል የቁጥሩን አሃዞች በተራ አንዱን ደምሮ አንዱን ሲቀንሱ ውጤቱ 0 መምጣት አለበት።»

0 ወይም የ11 ብዜት ይሁን። 209 ላይ 2 ሲቀነስ 0 ሲደመር 9፣ 11 ይመጣል፤ 209 ደግሞ 19 ጊዜ 11 ነው። 10 ከ11 በ1 ያንሳል፣ 100 ከ99 በ1 ይበልጣል፣ 1000 ከ1001 በ1 ያንሳል። መደመርና መቀነሱ የሚፈራረቀው ለዚህ ነው።

«ለ13ም እንደ 7 እጥፉን መቀነስ ነው።»

አይሠራም፤ 21 የ13 ብዜት አይደለማ። ለ13 የመጨረሻውን አሃዝ አውጡና 4 እጥፉን በቀረው ላይ ደምሩ፤ ከአንድ ቤት 1 አውጥተን በአስር ቤት 4 ማለትም 40 ስንደምር በድምሩ 39 ጨመርን፣ 39 ደግሞ ሦስት ጊዜ 13 ነው።

እኔ ግን ቁጥሩ ረዘም ሲል ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። 1001 ማለት 7 × 11 × 13 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡና እያፈራረቁ መቀነስና መደመር ነው፤ ለሦስቱም በአንዴ ይሆናል። 437,151ን እንይ፦ በ437 እና በ151 መካከል ያለው ልዩነት 286 ነው። 286 በ11 ይካፈላል (2 ሲቀነስ 8 ሲደመር 6፣ 0)፣ በ13ም ይካፈላል (28 ሲደመር 24፣ 52)፣ በ7 ግን አይካፈልም (28 ሲቀነስ 12፣ 16)። የ437,151 መልስም ይኸው ነው።

በዚህኛው መንገድ ቀሪውም አይጠፋም፣ የቀኙን ቁራጭ ደማሪ አድርጋችሁ እስከጀመራችሁ ድረስ። 151 ሲቀነስ 437 ኔጌቲቭ 286 ነው፤ የ7 ብዜት የሆነውን 287 ስትደምሩበት 1 ይቀራል፣ 437,151ም ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ነው።