የሌሊት ዱቲ ሲጎድል፦ የተጠባባቂ ነርሶች ዝርዝር

በሦስት ፈረቃ የሚሠራ የግል ሆስፒታል እናስብ። ሌሊቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አንዲት ነርስ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደውላ «ልጄ ትኩሳት ይዞታል፣ መምጣት አልችልም» ትላለች። የቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተጠባባቂ ዝርዝር የሚያስፈልገው ለዚህች ሰዓት ነው።

ዝርዝሩ ከወሩ የዱቲ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ተረኛ ተጠባባቂና ከእሷ ቀጥሎ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ይጻፋሉ። ስልክ የማንሳት ግዴታ ያለባት ተረኛዋ ብቻ ናት። ሌሎቹ «አልመችም» ቢሉ ጥፋት አይደለም። ይህ ልዩነት ካልተጻፈ ሰው በእረፍት ቀኑ ስልኩን ያጠፋል፣ አይፈረድበትም። ነፍሰ ጡር ነርስ ከሌሊቱ ዝርዝር ከመጀመሪያው ትወጣለች፤ ሕጉ የሌሊት ሥራ አያሠራትም።

ወደ ምሽታችን እንመለስ። ኃላፊዋ ለተረኛዋ ሁለቴ ትደውላለች። አሥር ደቂቃ ጠብቃ መልስ ስታጣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። እሱ የከሰዓቱን ፈረቃ እየሠራ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ሌሊቱን ሊሸፍን አይችልም። ሦስተኛዋ እሺ ትላለች፤ ግን ከሩቅ ሰፈር ስለሆነች የምትደርሰው 5 ሰዓት ነው። እስከዚያ ከከሰዓቱ ነርሶች አንዱ ይቆያል። ሦስተኛዋ ስትደርስ በሽተኞቹን አልጋ ላልጋ እየዞሩ ይረካከባሉ።

ሦስተኛዋ ባትገኝስ? ብዙ ኃላፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የከሰዓቱን ነርስ እስከ ንጋት ያቆዩታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ያቆማል። ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው መተካት ትርፍ ሰዓት ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ጣሪያው ግን አይነሳም። ስለዚህ ነርሱ ቢበዛ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይቆያል፣ ለቀሪው 4 ሰዓት ሌላ ሰው ይፈለጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል። የሰዓት ደሞዙ 60 ብር ከሆነ 4 ሰዓቱ 420 ብር ይሆናል። ሒሳቡ በዚያው ወር ካልተከፈለ በሚቀጥለው ጊዜ እሺ የሚል ሰው ይጠፋል።

ዝርዝሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በደግ ሰው ነው። እምቢ ማለት የማታውቅ አንዲት ልጅ ትኖራለች፣ ኃላፊዋም ሲጨንቃት ቅደም ተከተሉን ዘላ ለእሷ ትደውላለች። ልጅቷ ትደክማለች፣ በደከመ እጅ ደግሞ መድኃኒት ይሳሳታል። ለዚህ ነው የጥሪ መዝገብ የሚያዘው፦ ለማን ተደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን አለ፣ መቼ ደረሰ። የመጣች ሰው ስሟ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል። የሦስት ወሩን መዝገብ ገልጦ አንድ ስም ደጋግሞ ያየ ሰው ተራው መጣሱን ወዲያው ያውቃል። አንድ ሌሊት ብቻ ደጋግሞ ከጎደለ ደግሞ ችግሩ ዝርዝሩ ላይ አይደለም፤ ያ ሌሊት ከመጀመሪያው የተመደበለት ሰው አንሷል።